ሪክሩተሯን ሳላስቀይም ይህን ሥራ እንዴት ልተወው? ወደፊት ግን እንድትፈልገኝ እፈልጋለሁ

ሒሳብ_ዘገርጂ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት ሲኒየር አካውንታንት ነኝ። ባለፈው ሳምንት በአንድ የቅጥር ኤጀንሲ የምትሠራ ሪክሩተር በሊንክድኢን ጻፈችልኝ። ሐዋሳ ላለ ፋብሪካ ፋይናንስ ማናጀር ይፈልጋሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል በስልክ አወራን፤ ሲቪዬንም በቴሌግራም ላክሁላት። ሐሙስ ከፋብሪካው ሰዎች ጋር የመጀመሪያ ቃለ መጠይቅ ይዛልኛለች። ዛሬ ሰኞ ነው።

ደመወዙ 75,000 ብር ግሮስ ነው። አሁን የማገኘው 60,000 ግሮስ ነው። ዐሥራ አምስት ሺህ ጭማሪ ቀላል አይደለም፤ ግን ሐዋሳ ገብቼ መኖር አልችልም። በዚያ ላይ ሰኔ 30 ሒሳብ ዘግተን ኦዲተሮች መሐል ነን። ስለዚህ ልተወው ወስኛለሁ። ሴትዮዋ ግን ጎበዝ ናት፤ ብዙ ፋብሪካዎችና አስመጪዎች በእሷ በኩል እንደሚቀጥሩ ነግራኛለች። አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ነገር ሲመጣ እንድትደውልልኝ እፈልጋለሁ።

ይህን ጽፌ ልልክ ስል እጄ ተያዘ። እዩልኝ፦

> ውድ ወ/ሮ …፣ በጣም በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያደረጉልኝን ሁሉ አልረሳም። በቤተሰብ ጉዳይና በአንዳንድ ምክንያቶች በአሁኑ ሰዓት ይህን ሥራ ለመቀበል ትንሽ ይከብደኛል። ምናልባት ነገሮች ከተስተካከሉ ላሳውቅዎ እችላለሁ። አሁን ባለሁበትም ደስተኛ ስለሆንኩ ለጊዜው ሥራ እየፈለግሁ አይደለም። እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

---

ሰሎሞን_ካዛንቺስ

እህቴ፣ ረዘመ። ይቅርታውን አንሺው፤ ምንም አልበደልሻትም። ምክንያት ደግሞ አትስጪ። ምክንያት በሰጠሽ ቁጥር መልስ ይመጣብሻል፤ «ሐዋሳ ነው ችግሩ? ቤት ይሰጡሻል»፣ «ኦዲት ነው? ይጠብቁሻል» ትልሻለች። «አመሰግናለሁ፣ በዚህ ሥራ አልቀጥልም» በቂ ነው። በእሷ እጅ ሌላ ዐሥር ሰው አለ፤ ብዙ አትጨነቂ።

---

ጋሽ_ታ

ልጄ፣ ችኮላ እንዳይጎዳሽ። ውል ከፈረምሽ በኋላ ከሆነ ነገሩ ይለያል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብሽ። ሳትሰጪ ብትቀሪ ካሣ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ደብዳቤውን በጽሑፍ አስገቢ፣ ቀኑን አስመዝግቢ፣ ቅጂ ያዢ።

---

ሒሳብ_ዘገርጂ

ጋሽ ታ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን ምንም አልፈረምኩም። ቃለ መጠይቁ እንኳ ገና ነው። የምተወው የቀረበልኝን ሥራ ነው፤ ያለሁበትን አይደለም።

---

መዝገብ_ቤት

ጋሽ ታ ያሉት ለሌላ ጉዳይ ልክ ነው፤ ለዚህኛው ግን አያስፈልግም። ሰሎሞን ግማሹን አግኝቷል። ይቅርታው መነሳት አለበት፣ ማጠርም አለበት። ምክንያት አለመስጠቱ ላይ ግን አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ለማስረዳት መልእክትሽ ከደረሳት በኋላ ሴትዮዋ ምን እንደምታደርግ ማየት ያስፈልጋል።

የኤጀንሲ ሪክሩተር ገቢ በብዛት የሚመጣው ሰው ሲቀጠር ነው። ከፋዩ ፋብሪካው ነው፤ ክፍያውም አብዛኛውን ጊዜ ከተቀጣሪው የዓመት ደመወዝ በመቶኛ ይሰላል። የተቀጠረው ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥሎ ከሄደ በነፃ ሌላ ሰው መተካት ወይም ገንዘብ መመለስ ብዙ ውል ላይ ያለ ግዴታ ነው። ስለዚህ እሷን የሚጎዳት «አልፈልግም» የሚል ሰው አይደለም። የሚጎዳት «እሺ» ብሎ ሐሙስ የሚቀር፣ ወይም ሦስት ዙር ሄዶ ኦፈር ሲመጣ የሚተው፣ ወይም ተቀጥሮ በሁለተኛው ወር የሚወጣ ነው። ለፋብሪካው የምትልከው የሦስት ወይም የአምስት ሰው ዝርዝር ነው። ሰኞ ላይ ብትነግሪያት ሐሙስ በቦታሽ ሌላ ሰው ታስገባለች። ረቡዕ ማታ ብትነግሪያት ባዶ ወንበር ይዛ ደንበኛዋ ፊት ትቆማለች። እምቢታሽ እንዴት እንደሚታወስ ከቃላቱ ይልቅ የሚወስነው ሰዓቱ ነው። ዛሬ ከምሳ በፊት ላኪው።

ሁለተኛው ነገር ስምሽ ላይ የሚጻፈው ማስታወሻ ነው። ኤጀንሲ የሰው መዝገብ አለው፤ በሶፍትዌርም ይሁን በኤክሴል። አንድ ሰው ሲተው ሪክሩተሯ በስሙ ትይዩ አንድ መስመር ትጽፋለች። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ፋይናንስ ማናጀር ሲፈለግ የምታነበው ያን መስመር ነው። አሁን በጻፍሽው መልእክት የምትጽፈው «ቤተሰብ፣ ሥራ አትፈልግም» ነው። በዚህ ማስታወሻ ማንም አይደውልልሽም። ሰሎሞን ባለው ብትልኪ ደግሞ «ተወች» ትላለች፤ ለምን እንደተውሽ ስለማታውቅ ወይ አትደውልም፣ ወይ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ድሬዳዋ ይዛልሽ ትመጣለች። አንቺ የምትፈልጊው መስመር እንዲህ ያለ ነው፦ «አዲስ አበባ ብቻ፤ ፋይናንስ ማናጀር ወይም ተመሳሳይ፤ ከኅዳር ጀምሮ ነፃ፤ ከዚህ በታች አትመጣም።» መልእክትሽን ያን መስመር እያሰብሽ ጻፊው፤ ሌላው ጌጥ ነው።

---

ሰሎሞን_ካዛንቺስ

ይሄ ገባኝ። ግን «ቤት እንሰጥሻለን» ብለው ቢመጡስ? ምክንያት በር ይከፍታል ያልኩት ለዚህ ነው።

---

መዝገብ_ቤት

ትክክለኛ ስጋት ነው። ለዚህ ነው ምክንያቱ እውነተኛና የማይደራደር መሆን ያለበት። ሐዋሳ መኖር የማትችል ከሆነ «ቦታው» ነው ምክንያቱ፤ ቤት ቢሰጧት እንኳ መልሱ ያው ነው። በዚያ ቦታ «ደመወዙ አነሰኝ» ብትል ግን ራሷን ታጠምዳለች። ፋብሪካው 90,000 ብሎ ይመለሳል፣ እሷ እንደገና እምቢ ትላለች፣ ሪክሩተሯም ደንበኛዋን በከንቱ አስጨምራ ታፍራለች። ሁለተኛ እምቢታ ከመጀመሪያው በብዙ ይከፋል። ስለዚህ ቢስተካከል በእውነት «እሺ» የምትዪበትን ነገር ብቻ ምክንያት አድርጊ የሚባለው ኦፈር ላይ ስትደራደሪ ነው። ልትተዪው ስትወስኚ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቢስተካከልም የማትመጪበትን ነገር ጥቀሺ።

«አንዳንድ ምክንያቶች»፣ «ትንሽ ይከብደኛል»፣ «ምናልባት» የሚሉትን ሁሉ አውጪ። በእኛ አነጋገር ጨዋነት ናቸው፤ ሰው ፊት «አልፈልግም» ማለት ስለሚከብደን «እስቲ ላስብበት» እንላለን። ችግሩ ሪክሩተሯ «ትንሽ ይከብደኛል» የሚለውን «ትንሽ ብትገፋኝ እሺ እላለሁ» ብላ ልትሰማው ትችላለች። ከዚያ አምስት ጊዜ ትደውላለች፣ አንቺ ስልክ አታነሺም፣ መቀያየም የሚመጣው ያኔ ነው።

---

ሜሮን_ኤችአር

እኔ ኤጀንሲ ሳይሆን ድርጅት ውስጥ ነው የምቀጥረው፤ መዝገብ ቤት ባለው በአብዛኛው እስማማለሁ። «ባለሁበት ደስተኛ ነኝ፣ ሥራ እየፈለግሁ አይደለም» የሚለው አረፍተ ነገር በተለይ ይውጣ። ብዙ ሰው ለክብር ብሎ ይጽፈዋል፤ የሚዘጋው ግን በሩን ነው። «በሩ ክፍት ይሁን» ብሎ ከሥሩ «አልፈልግም» መጻፍ እርስ በርሱ ይጣላል።

ሌላ አንድ ነገር፦ ስለ ፋብሪካው መጥፎ አትናገሪ። «እዚያ ሰው አይቆይም ሲሉ ሰምቻለሁ» ብለው የሚተዉ አሉ። ፋብሪካው የእሷ ደንበኛ ነው፤ ወሬው ከእሷ ጋር አይቀርም። ስላለሽበት ድርጅትም እንዲሁ።

የማልስማማው የደመወዝ ወለል መጻፉ ላይ ነው። ቁጥር ከጻፍሽ ያ ቁጥር መነሻ ሳይሆን ጣሪያ ይሆንብሻል። በሚቀጥለው ዓመት ለቦታው 130,000 የመደበ ድርጅት ቢመጣ፣ «እሷ 95 ብላ ነበር» ተብሎ በ95 ይቀርብልሻል። እኔ ብሆን ቦታና ኃላፊነት ብቻ ጽፌ ደመወዙን ለስልክ አቆየዋለሁ።

---

መዝገብ_ቤት

ሜሮን፣ ያልሽው ይሆናል። ኤጀንሲ ላይ ግን ሌላ ጎን አለው። ክፍያዋ ከደመወዙ በመቶኛ ስለሆነ ሪክሩተሯ ዝቅ አድርጋ ልታቀርባት ብዙም ምክንያት የላትም። ቁጥር ከሌለ ደግሞ በ70 ሺህ ሥራ እየደወለች ሁለታችሁንም ታደክማለች። በድርጅት ውስጥ ለምትቀጥር ሰው ከሆነ የምትጽፈው፣ ያንቺ ምክር ይሻላል። ለኤጀንሲ ግን እኔ ቁጥር እሰጣለሁ፤ «ከዚህ ጀምሮ እንነጋገራለን» ብዬ፣ «ይህን እፈልጋለሁ» ብዬ አይደለም።

ቁጥሩን ከመጻፍሽ በፊት ግን አንድ ስሌት እንሥራ፤ ከላይ «ዐሥራ አምስት ሺህ ጭማሪ» ብለሻል፤ እጅሽ የሚገባው ያ አይደለም። ከሐምሌ 2017 የግብር ማሻሻያ ወዲህ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ጡረታ 7 በመቶ አለ። ከሥር የምትቀነሰው 2,050 ዝቅተኛዎቹ እርከኖች ከ35 በመቶ በታች ስለሚቆረጥባቸው ነው። ሁሉም መሠረታዊ ደመወዝ ነው ብለን እንያዘው፦

```
60,000 x 0.35 - 2,050 = 18,950   ግብር
60,000 x 0.07         =  4,200   ጡረታ
እጅ የሚገባ              = 36,850

75,000 x 0.35 - 2,050 = 24,200   ግብር
75,000 x 0.07         =  5,250   ጡረታ
እጅ የሚገባ              = 45,550
```

ልዩነቱ 8,700 ብር ነው። በእሱ ሐዋሳ ቤት ተከራይቶ በየሁለት ሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ መመላለስ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሽ ታውቂዋለሽ፤ ግን በስልክ ሲጠሩት ግሮሱ ጆሮ ላይ ስለሚቀር ነው የጻፍኩት። ወለልሽን ስትሰጪም «መሠረታዊ ደመወዝ፣ ግሮስ» ብለሽ ለይተሽ ጻፊ። አንዱ በኔት፣ አንዱ በግሮስ እያወራ እስከ ኦፈር የሚደርስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያኔ መተው በጣም ያስቀይማል።

---

ብሩክ_ሲልቨርስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነኝ፣ የሶፍትዌር ቴስተር። የኔም ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ ልጨምረው። እዚህ የኮንትራት ሥራ የሚያመጡ ኤጀንሲዎች ሲቪህን ለደንበኛ ከማስገባታቸው በፊት «እንድወክልህ ፈቅደሃል ወይ» ብለው በኢሜይል ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ለአንዱ ባለፈው ሳምንት «እሺ» ብዬ መለስኩ። አሁን ሌላ ኤጀንሲ ለዚያው ባንክ የተሻለ ክፍያ ይዞ መጣ። የመጀመሪያውን በትህትና ልተወውና በሁለተኛው ልግባ?

---

መዝገብ_ቤት

ብሩክ፣ ተጠንቀቅ። ለአንድ ደንበኛ በአንድ የሥራ ቦታ በሁለት ኤጀንሲ ከቀረብክ ብዙ ደንበኞች ክርክር ውስጥ ላለመግባት ሁለቱንም ይጥላሉ። የመጀመሪያው ሲቪህን አስገብቶ ከሆነ፣ ለዚያ ቦታ የእሱ ሰው ነህ፤ በሁለተኛው መግባት አትችልም። ስለዚህ ከመተውህ በፊት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ጠይቅ፦ «ሲቪዬን አስገብተሃል? መቼ?» ገና ካላስገባ፣ የሥራውን ቁጥርና የደንበኛውን ስም ጠቅሰህ «ፈቃዴን አንስቻለሁ፣ እባክህ እንዳታስገባ፣ መድረሱን አረጋግጥልኝ» በል። ማረጋገጫው ሳይመጣ ለሁለተኛው «እሺ» አትበል። አስገብቶ ከሆነ ደግሞ ለሁለተኛው ያለውን እውነት ንገረውና ለሌላ ቦታ እንዲያስብህ ጠይቅ። በዚህ ጉዳይ ግልጽ የሚሆን ሰው ጥቂት ስለሆነ ያስታውስሃል።

ሒሳብ ዘገርጂ፣ ብሩክ ያነሳው አንቺንም ይመለከታል፤ ቀድሜ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር። ሲቪሽን በቴሌግራም ልከሻል። ሪክሩተሯ ለፋብሪካው አሳልፋዋለች ወይስ ገና?

---

ሒሳብ_ዘገርጂ

አላውቅም። ቃለ መጠይቅ ስለያዘችልኝ ሳይደርሳቸው አይቀርም። ምን ለውጥ ያመጣል? የምተወው ሥራ ነው።

---

መዝገብ_ቤት

ለወደፊቱ ለውጥ አለው። በኤጀንሲና በደንበኛ መካከል ባለው ውል ኤጀንሲው ያስተዋወቀው ሰው ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ በኤጀንሲው ስም ተይዞ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ድርጅቱ ያን ሰው በሌላ መንገድ እንኳ ቢቀጥር ለኤጀንሲው ይከፍላል። እንበልና ያ ፋብሪካ አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት አለው፤ በጥር ወር እዚያ የሂሳብ ኃላፊ ቦታ በጋዜጣ አወጣና አንቺ በቀጥታ አመለከትሽ። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ድርጅቱ ክፍያውን ፈርቶ ያልፍሻል፣ ወይ ይቀጥርሽና ሪክሩተሯ «በእኔ በኩል መጥታ ዞራ ገባች» ብላ ትቀየማለች። ሁለቱንም የሚከላከለው ከወዲሁ ማወቅ ነው። እንደዚያ ያለ ማስታወቂያ ካየሽ መጀመሪያ ለእሷ ጻፊ፤ እሷው ታቅርብሽ። አንቺ የምትከፍዪው ነገር የለም፤ የአገራችን አዋጅም የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ከሠራተኛው ክፍያ የማይቀበል ብሎ ነው የሚተረጉመው።

ሌላው፦ መልእክቱን በቴሌግራም ብቻ አትላኪ። ቴሌግራም ላይ የተጻፈ በወሬ መሐል ይቀበራል፣ መዝገብ ላይም አይገባም። ቃለ መጠይቁ የተያዘው በኢሜይል ከሆነ ለዚያው ኢሜይል መልስ ስጪ፤ ከዚያ በቴሌግራም «የሐሙሱን በተመለከተ ኢሜይል ልኬልዎታለሁ» በዪ። እንዲህ አሳጥሬዋለሁ፤ በራስሽ አነጋገር አስተካክዪው፦

> ርዕስ፦ የሐዋሳ ፋይናንስ ማናጀር፣ የሐሙስ ቃለ መጠይቅ
>
> ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ …፣
>
> ለሐዋሳው የፋይናንስ ማናጀር ሥራ ስላሰቡኝና ዝርዝሩን ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። አስቤበት በዚህ ሥራ ላለመቀጠል ወስኛለሁ፤ መኖሪያዬን ከአዲስ አበባ ማንሳት ስለማልችል ነው። ለሐሙስ ሌላ ሰው ማዘጋጀት እንዲችሉ ዛሬውኑ ላሳውቅዎ ፈለግሁ። ሲቪዬ ለድርጅቱ ተልኮ ከሆነ እባክዎ ያሳውቁኝ፤ ወደፊትም ለሌላ ድርጅት ከመላክዎ በፊት ቢጠይቁኝ ደስ ይለኛል።
>
> አዲስ አበባ ውስጥ የፋይናንስ ማናጀር ወይም የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ቦታ ሲመጣ ግን መነጋገር እፈልጋለሁ፤ ከ95,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ ግሮስ ጀምሮ። የዓመቱን ሒሳብ እስከ ጥቅምት 30 ስለምናስገባ ከኅዳር መጀመሪያ በኋላ መንቀሳቀስ እችላለሁ።
>
> ከአክብሮት ጋር፣

«እርስዎ» ያልኩት በጽሑፍ ስለሆነ ነው። በስልክ «አንቺ» ተባብላችሁ ከሆነ በቴሌግራሙ ላይ «አንቺ» ማለት ምንም አይደለም፤ ኢሜይሉ ግን ለአለቃዋም ሊተላለፍ ይችላል።

---

ሜሮን_ኤችአር

ጥሩ ነው። የጥቅምት 30 ነገር በተለይ ጠቃሚ ነው። «በሌላ ጊዜ» ማለት ለቀጣሪ ባዶ ቃል ነው፤ «ከኅዳር በኋላ» ግን ቀን ነው፣ ማስታወሻ ይያዝለታል። ሒሳብ ዘግቶ አስገብቶ ለመውጣት የሚጠብቅ አካውንታንት ደግሞ ማንም ቀጣሪ ይወደዋል።

95,000 የሚለውን ግን አሁንም ባወጣው እመርጣለሁ።

---

ሰሎሞን_ካዛንቺስ

እኔ አንድ ነገር ልጨምር፦ በቦታሽ ሰው ብትጠቁሚያትስ? ሐዋሳ ለመሄድ የሚፈልግ አካውንታንት አይጠፋም። ስልኩን ብትልኪላት ውለታ ይሆንልሻል።

---

ሜሮን_ኤችአር

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አካሄዱ ግን ይስተካከል። የሰው ስልክ ሳታስፈቅጂ አትላኪ። ያ ሰው ሥራ እንደሚፈልግ አለቃው ባያውቅስ? መጀመሪያ ጓደኛሽን ጠይቂው፣ «እሺ» ካለ የሪክሩተሯን አድራሻ ለእሱ ስጪው፤ እሱ ይጻፍላት፣ ያንቺን ስም ይጥቀስ። ደግሞ በእውነት የሚመጥን ሰው ከሌለሽ ይቅር። የማይሆን ሰው መላክ ካለመላክ ይብሳል።

---

ብሩክ_ሲልቨርስፕሪንግ

የኔን ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያው «ሐሙስ ዕለት አስገብቼሃለሁ» አለኝ። ስለዚህ በዚያው ቀጠልኩ፤ ለሁለተኛው እውነቱን ጻፍኩለት። «ለሌላ ደንበኛ እደውልልሃለሁ» አለ። ይደውል አይደውል እንግዲህ አይታወቅም። አንድ ያልገባኝ ነገር፦ በሊንክድኢን ኢንሜይል ብቻ ጽፎልኝ የማላውቀው ሪክሩተር ሲሆንስ? በሳምንት አራት አምስት ይመጣል። ለሁሉም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ልጻፍ?

---

መዝገብ_ቤት

አይደለም። ያልተነጋገርከው ሰው ከሆነ ሁለት መስመር ይበቃል፦ «አመሰግናለሁ፣ ይህ አይሆነኝም፤ የምፈልገው እንዲህና እንዲያ ያለ ነው።» ግን ዝም አትበል። ሪክሩተሮች ኢንሜይል የሚልኩት በቁጥር ተገድቦ በሚሰጣቸው ሒሳብ ነው። ሰውየው በ90 ቀን ውስጥ ከመለሰ፣ መልሱ «አይ» ቢሆን እንኳ፣ ያወጡት ይመለስላቸዋል። ስለዚህ አጭር «አይ» እንኳ ለእሱ ጥቅም አላት። የሥራው ዓይነት ከሙያህ ጋር ምንም የማይገናኝ፣ ለሺህ ሰው የተላከ የሚመስል ከሆነ ብታልፈው ማንም አይቀየምህም።

`Open to work` የሚለውንም ተመልከቱት። ለሁሉም ሰው እንዲታይ ወይም ለሪክሩተሮች ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ለሪክሩተሮች ብቻ ቢሆንም ሊንክድኢን ራሱ ከአሁኑ መሥሪያ ቤታችሁ ሰዎች ሙሉ በሙሉ እንደሚደብቀው ዋስትና አይሰጥም።

---

ሒሳብ_ዘገርጂ

ላክሁት። 95,000ውን አስቀመጥኩት፤ ሜሮን ይቅርታ። በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሰች፦ «ቶሎ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ሲቪዎ ዓርብ ለድርጅቱ ተልኳል። ኢምፖርት ላይ ያለው ልምድዎ ከጭነት ወጪ ስሌትና ከጉምሩክ ጋር ነው ወይስ ሒሳብ መያዝ ብቻ? የሚቀጥለውን ለማየት ነው።» ይሄ ጥሩ ምልክት ነው? ሲቪው መላኩስ ምን ላድርግ?

---

መዝገብ_ቤት

ጥያቄ መጠየቋ መዝገቡ ላይ እየጻፈች መሆኑን ያሳያል። «እሺ አመሰግናለሁ» ብላ ብቻ ቢሆን ኖሮ አይታወቅም ነበር። ዛሬውኑ መልሺላት፤ በሁለት መስመር፣ የምትሠሪውን በስሙ እየጠራሽ። ጭነት፣ ኢንሹራንስና ቀረጥ እየደመርሽ የዕቃ ወጪ የምታወጪ ከሆነ ያን በይ፤ ከባንክ ጋር የኤልሲ ሰነድ የምትጨርሺ ከሆነም።

ሲቪውን በተመለከተ፦ ቅሬታ አታሰሚ፤ ቃለ መጠይቅ ልትገቢ ነበርና ልትልከው ይገባት ነበር። «ከዝርዝሩ እንዳወጡኝ ለድርጅቱ ቢያሳውቁልኝ» ብቻ በዪ። የዓርቡን ቀን ስልክሽ ላይ መዝግቢው፤ በዚያ ድርጅት ቀጥታ ማመልከት ብታስቢ ከዚያ ቀን ቆጥረሽ መጀመሪያ እሷን ትጠይቂያለሽ። ውላቸው ስንት ወር እንደሆነ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው።

---

ጋሽ_ታ

እኔስ መጀመሪያ ያልገባኝ አሁን ገባኝ። ልጄ፣ እስከ ኅዳር ግን ዝም ትያለሽ ወይ? ሰው ይረሳል።

---

መዝገብ_ቤት

ጋሽ ታ፣ በመሐል በየሳምንቱ «እንዴት ነሽ» ማለት አያስፈልግም፤ ያሰለቻል። ጥቅምት 30 ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት፣ በዚያው ኢሜይል ሥር መልስ ሰጥታ እንዲህ ብትል ይበቃል፤ አሮጌው ደብዳቤ ከሥሩ ስለሚታይ ማን እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልጋትም፦

> ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ …፣ የዓመቱን ሒሳብ አስገብተን ጨርሰናል። ከዚህ በታች ለጠቀስኩት ዓይነት ቦታ አሁን መነጋገር እችላለሁ። የታደሰ ሲቪዬን አያይዣለሁ፤ ለድርጅት ከመላክዎ በፊት ቢነግሩኝ።

---

ሒሳብ_ዘገርጂ

ስልኬ ላይ ለኅዳር 3 አስታዋሽ ሞላሁ። ሜሮን፣ በስልክ ደውላ «አሁን ስንት ታገኛለሽ?» ካለችኝ ግን የአሁን ደመወዜን ልናገር ወይስ 95ቱን ብቻ ልድገም? እዚህ ላይ ሁለታችሁ እንደማትስማሙ ይሰማኛል።

---

ሜሮን_ኤችአር

እኔ አልናገርም። «የምጠብቀው ይህ ነው» በዪና እለፊ።

---

መዝገብ_ቤት

እኔ ደግሞ ከተጠየቅሽ እውነቱን ተናገሪ እላለሁ። ብዙ ቀጣሪ በመጨረሻ የደመወዝ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ያኔ ሌላ ቁጥር ቢወጣ ከቀጣሪው ፊት የምታፍረው ሪክሩተሯ ናት። ካልተጠየቅሽ ግን አንቺ አታንሺው።